የውሉን ሁለት ቅጂ ሳመሳክር 412 ምልክት ወጣብኝ፤ የእኔን ስሕተት ከዚህ መሀል እንዴት ልለይ?

ግዢ ክፍል ያለችው (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 5:40)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ የግል ትምህርት ቤት ግዢ ክፍል ነው። 1,200 የተማሪ ወንበር ከነጠረጴዛው ለመግዛት ከአንድ አቅራቢ ጋር ውል እያዘጋጀን ነው። የአንዱ ዋጋ 4,000 ብር፣ ጠቅላላው 4,800,000 ብር። በሦስተኛው ቅጂ ላይ ሁለታችንም ተስማምተን ነበር። ከዚያ በኋላ አቅራቢው ሦስት ማሻሻያ ጠየቀ፦ ክፍያ በ15 ቀን የሚለው በ15 የሥራ ቀን እንዲሆን፣ ከርክክብ በፊት ስለሚደረግ ምርመራ አዲስ አንቀጽ እንዲገባ፣ አድራሻው እንዲታረም። አለቃዬ ሦስቱንም ተቀበሉ። አዲሱን አንቀጽና አድራሻውን አቅራቢው ራሱ አስገብቶ አራተኛውን ቅጂ ላከልን፤ የክፍያውን ቀን እኔ አስተካክዬ አምስተኛውን አወጣሁ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። አንዷን ቦታ በእጄ ማረም ሲገባኝ Ctrl+H ከፈትኩና «ቀን» የሚለውን ሁሉ «የሥራ ቀን» በሚለው ተካሁ። 57 ቦታ ተለውጧል አለኝ። ቆይቼ ሳየው «ጥቅምት 12 የሥራ ቀን 2018 ዓ.ም.» ሆኗል። «ክፍያው በዚያው መጠን ይቀንሳል» የሚለው ደግሞ «ይየሥራ ቀንሳል» ሆኖ አረፈው። መሣቅም መደንገጥም አማረኝ። በዓይኔ ያገኘሁትን አንድ በአንድ አረምኩ፤ ከመሄዴ በፊት ፋይሉን ዘጋሁት፤ ስለዚህ አሁን Ctrl+Z አይሠራም።

ዛሬ ሦስተኛውንና አምስተኛውን በ Word ውስጥ Review ከዚያ Compare ብዬ ሳስተያያቸው 412 ምልክት ወጣ። ገጹ ሁሉ ቀይ ነው። ፊርማው ሐሙስ ነው። 412ቱን ሁሉ ላንብብ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

የአዋሬው (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:05)

ይህ ቀላል ነው፣ እኅቴ። የሄድሽበትን መንገድ ተመለሺ። አሁን ደግሞ «የሥራ ቀን» የሚለውን ሁሉ «ቀን» በሚለው ተኪው፤ ከዚያ የክፍያውን አንቀጽ ብቻ በእጅሽ አስተካክዪ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ነገረ ፈጅ ነበርኩ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:30)

ወንድሜ፣ ከመመለሷ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃት። እኅቴ፣ በሦስተኛው ቅጂ ውስጥ ከመጀመሪያውም «የሥራ ቀን» የሚል ነበረ?

ግዢ ክፍል ያለችው (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:42)

አዎ፣ ሁለት ቦታ። የባንክ ዋስትና በ5 የሥራ ቀን እንደሚቀርብ ይላል፤ ስለ ደብዳቤ ልውውጥ የሚናገረውም እንዲሁ። ከመተካቱ በኋላ «የሥራ የሥራ ቀን» ሆነው አግኝቼ አንዱን «የሥራ» አጥፍቻለሁ።

ነገረ ፈጅ ነበርኩ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:10)

የፈራሁት ይህንኑ ነው። ምንም ሳትነኪ ቢሆን ኖሮ የአዋሬው ምክር ልክ ነበር፤ ድርብ የሆነውም ወደ ነበረበት ነጠላ ይመለስ ነበር። አሁን ግን እነዚያን ሁለት ቦታዎች በእጅሽ ስላረምሻቸው በግልባጭ ብትተኪ የባንኩ ዋስትናና የደብዳቤው ጊዜ «የሥራ» የሚለውን ያጣሉ። አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት ትሸፍኛለሽ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እንደ «ይየሥራ ቀንሳል» የሚያሥቅ ስላልሆነ ማንም አያየውም።

እኔ ብሆን አምስተኛውን ለማከም አልደክምም። ሦስተኛውን ቅጂ አዲስ ስም ሰጥቼ እከፍታለሁ፤ ሦስቱን ማሻሻያ ብቻ በእጄ አስገባለሁ፤ ስድስተኛ ቅጂ እለዋለሁ። ከዚያ ሦስተኛውን ከስድስተኛው ጋር አመሳክራለሁ። በዚህ ንጽጽር ላይ መታየት ያለበት የተጠየቀው ብቻ ነው፤ አንድ ምልክት ቢተርፍ ባለቤት የሌለው ምልክት ነው። 412 ምልክት ፊት ተቀምጦ «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ልክ አይደለም» ማለት ግን ዓይን ከሃምሳኛው በኋላ የሚከዳበት ሥራ ነው።

ሦስተኛው የምትዪው ግን የትኛው ፋይል ነው? በማኅደርሽ ውስጥ «ሦስተኛ» የሚል ስም ያለው ሳይሆን፣ ሁለታችሁ በኢሜይል «ተስማምተናል» ስትባባሉ ተያይዞ የነበረው መሆን አለበት። እሱን ከኢሜይሉ እንደገና አውርጂው። ብዙ ጊዜ ሰው መነሻ ያለውን ፋይል ከስምምነቱ በኋላ ሳያውቀው ነካክቶታል።

ጡረተኛዋ ታይፒስት (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:15)

ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ኮምፒውተር ሳይኖር እንዲህ ያለው ሥራ ማመሳከር ይባል ነበር፤ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ አንዱ የድሮውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው አዲሱን በእርሳስ ይከተላል። ነጥቡንና ሰረዙን ሳይቀር ይጠራል። አሥራ አራት ገጽ ቢሆን ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ከሥራ መውጫ በፊት ያልቃል። ማሽኑ ያላየውን ጆሮ ይሰማል። ይህን ቀይ በቀይ የሆነ ወረቀት ተዪውና ሰው ፈልጊ።

ነገረ ፈጅ ነበርኩ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:40)

እማማ፣ እኔም በዚያ መንገድ ነው ያደግኩት፤ አሁንም ቢሆን የስካን ቅጂ ብቻ ሲኖር ሌላ አማራጭ የለኝም። ግን የሚያነበው ሰው የድሮውን «በ45 ቀን ውስጥ» ሲል፣ የሚከተለው ሰው «በ45 የሥራ ቀን ውስጥ» የሚለውን አይቶ ሊያልፈው ይችላል። የለመደ ዓይን የጠበቀውን ነው የሚያነበው። በዚህ ዓይነት ስሕተት ማሽኑ ይበልጣል። ጆሮ የሚበልጥባቸው ሌሎች አሉ፤ እመለስባቸዋለሁ።

ኪራይ ያንገበገበው (ማክሰኞ፣ ማታ 1:20)

የእኔም ጉዳይ ይኸው ነው። አከራዬ የመጀመሪያውን የኪራይ ውል ስታሳየኝ «የውኃ ቧንቧ ጥገና በአከራይ ይሸፈናል» ይል ነበር። ከፈረምኩ በኋላ ቤት ሄጄ ሳነበው «በተከራይ ይሸፈናል» ይላል። አጭበርብራኛለች። ክስ መመሥረት እችላለሁ? ሁለት ምስክር ፈርሟል።

ነገረ ፈጅ ነበርኩ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:00)

የእኅታችን ጥያቄ ስለ ራሷ የእጅ ስሕተት ነው፤ የእርስዎ ስለ ሌላ ሰው ድርጊት። ስለዚህ በአጭሩ ልመልስልዎት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛ በትርጉም ሰበብ ከቃሉ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ቁጥር 2005 ደግሞ የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ስለያዘው ስምምነት ማስረጃ ነው ይላል። እርስዎ የፈረሙበት ላይ «በተከራይ» ካለ መንገዱ አቀበት ነው። ያሳየችዎት የመጀመሪያ ቅጂ በስልክዎ ፎቶም ቢሆን ካለዎት ይዘው ጠበቃ ያነጋግሩ። ሆን ተብሎ ይሁን በስሕተት ከዚህ ሆኜ ልነግርዎት አልችልም።

ግን ጥሩ ነገር አነሡ። «አከራይ» እና «ተከራይ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። በአማርኛ ውል ውስጥ ገንዘቡ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ብዙ ጊዜ አንድ ፊደል ነው፤ «ይከፍላል» እና «ይከፈላል»፣ «ለሻጭ» እና «በሻጭ»። እኅቴ፣ በንጽጽርሽ ላይ ከቃል ያነሰ ለውጥ ካለ ከሁሉ ቀድመሽ እሱን እዪ። የ Compare መስኮቱን ስትከፍቺ More የሚለውን ብትጫኚ Show changes at የሚል አለ፤ Word level ላይ ይሁን። Character level ካደረግሽው አንዲት ፊደል ብቻ ትቀላለች፤ ዓይን ያልፋታል። ሙሉው ቃል ሲሰረዝና ሲተካ ግን ይታያል።

ኮምፒውተር ጠጋኙ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:35)

412 የሆነበትን ምክንያት የነካ ሰው የለም። 57 ቦታ ተክተሻል፤ የተወሰነውን አርመሻል፤ አዲስ አንቀጽ ገብቷል። ይህ ሁሉ ተደምሮ መቶም አይሞላም። የቀረው ከየት መጣ? አንድ ነገር አረጋግጪ፦ አንዱ ፋይል ላይ አራት ነጥቡ አንድ ምልክት (።) ሲሆን፣ ሌላው ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ ተደርድሮ (፡፡) ይሆናል። በወረቀት ላይ መንትያ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። እንዲሁም አንዱ ጋ «ሥራ»፣ ሌላው ጋ «ስራ» ይሆናል።

ግዢ ክፍል ያለችው (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:30)

እውነትም! የአቅራቢው ጸሐፊ አራተኛውን ሲልክ ሙሉውን በራሱ አጻጻፍ አስተካክሎታል። በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ «፡፡» ነው፤ «ሥራ» ሁሉ «ስራ»፣ «ዐይነት» ሁሉ «አይነት» ሆኗል። እኔ ያስገባሁት «የሥራ ቀን» ብቻ በ«ሥ» ነው።

ኮምፒውተር ጠጋኙ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00)

እንግዲያው ሁለቱንም ፋይል ገልብጪ፤ በቅጂዎቹ ላይ ብቻ (በዋናው አይደለም!) «፡፡»ን በ«።» ተኪ፣ «ስራ»ንም በ«ሥራ»፤ ከዚያ አመሳክሪ። ከ Compare መስኮት ላይ Formatting እና White space የሚሉትን ምልክት አንሺባቸው። አብዛኛው ቀይ ይጠፋል።

በትምህርት ቤታችሁ ሊኑክስ ያለው የኮምፒውተር መምህር ካለ ደግሞ ይህን ስጪው፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎችን ሁሉ ወደ አንድ ያመጣል፦

```
norm() {
  pandoc "$1" -t plain --wrap=none | sed \
  -e 's/፡፡/።/g' \
  -e 'y/ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆ/ሀሁሂሃሄህሆሀሁሂሃሄህሆ/' \
  -e 'y/ሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖ/ሰሱሲሳሴስሶአኡኢኣኤእኦ/' \
  -e 'y/ፀፁፂፃፄፅፆ/ጸጹጺጻጼጽጾ/' \
  -e 's/ሃ/ሀ/g; s/ኣ/አ/g'
}
norm v3.docx > 3.txt
norm v4.docx > 4.txt
git diff --no-index --word-diff 3.txt 4.txt
```

አንድ ጉድለት አለው፤ በየገጹ ራስጌና ግርጌ ያለውን ጽሑፍ pandoc አያወጣውም። የውል ቁጥር ወይም የቅጂ ቀን እዚያ ካለ በዓይን እዩት።

ነገረ ፈጅ ነበርኩ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:25)

ሁለተኛም ጉድለት አለው፤ ስም። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» በዚህ ማጣሪያ አንድ ሆነው ይወጣሉ፤ በመታወቂያና በንግድ ፈቃድ ላይ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ የተዋዋዮቹን ስም ከማጣሪያው ውጪ፣ ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ሦስተኛውን ከ*አራተኛው* ጋር ማስተያየቱ በጣም ትክክል ነው። እስካሁን የተነጋገርነው ስለ እኅታችን ስሕተት ብቻ ነበር፤ የአቅራቢው ጸሐፊም ሙሉውን ሰነድ ነካክቷል።

ባለ ሁለት ዐምዱ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4:10)

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የምኖር ተርጓሚ ነኝ፤ ሥራዬ ግራው እንግሊዝኛ ቀኙ አማርኛ የሆነ ውል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስብኝ የሚያድነኝ ሌላው ዐምድ ነው፤ አማርኛው ሲበላሽ እንግሊዝኛው የድሮውን ይዞ ይገኛል። ካናዳ ውስጥ በአርትዖት የገባች አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሮጀርስ የተባለውን የኬብል ኩባንያ ከስልክ ኩባንያው ከአሊያንት ጋር አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ያከራከረችበት ጉዳይ ትዝ ይላችኋል? ሮጀርስን ያዳነው የፈረንሳይኛው ቅጂ ነው። የእኅታችን ውል ሌላ ቋንቋ አለው?

ነገረ ፈጅ ነበርኩ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 5:15)

ወንድሜ፣ ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ ግማሹ ግን ተምታቶብሃል። ሰረዟ በአርትዖት መሀል የገባች አልነበረችም፤ ሁለቱም የፈረሙበት ውል ውስጥ የነበረች ናት። ጭቅጭቁ «በአንድ ዓመት ማስታወቂያ ማቋረጥ ይቻላል» የሚለው የመጀመሪያውን አምስት ዓመት ይመለከታል ወይስ አይመለከትም የሚል ነበር። የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ በ2006 እ.ኤ.አ. ሰረዟን ተከትሎ ለአሊያንት ወሰነ፤ በ2007 ደግሞ የፈረንሳይኛውን ቃል አይቶ ውሳኔውን ገለበጠ። ስለ ሁለተኛው ቋንቋ ያልከው ልክ ነው፤ የትኛውም ማነጻጸሪያ ግን ያቺን ሰረዝ አያገኛትም ነበር፤ ምክንያቱም አልተለወጠችም።

ግዢ ክፍል ያለችው (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:00)

ውላችን አማርኛ ብቻ ነው። ስድስተኛውን ከሦስተኛው ተነሥቼ ሠራሁት፤ ስታነጻጽሩት የሚታየው አዲሱ አንቀጽ፣ አድራሻው፣ አንዲቷ «የሥራ» ብቻ ነው። ደስ አለኝ!

ለማወቅ ያህል አምስተኛውንም አየሁት። ያላረምኩት 19 ቦታ ነበር። ርክክቡ 45 የሥራ ቀን፣ ዋስትናው 365 የሥራ ቀን፣ የመዘግየት ቅጣቱም «ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን 0.1 በመቶ» ሆኖ ተቀምጧል። «በ10 ቀናት ማስጠንቀቂያ» የሚለው ግን «ቀናት» ስለሚል አልተነካም። አለቃዬ «ትንሽ ቀን ነው፣ ምን ለውጥ ያመጣል?» አሉ።

ነገረ ፈጅ ነበርኩ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:50)

ለአለቃሽ በብር አሳዪልኝ። አቅራቢው ወንበሮቹን ውሉ በተፈረመ በ77ኛው ቀን ቢያመጣ እንበል። በሦስተኛው ቅጂ መሠረት 32 ቀን ዘግይቷል፤ የ4,800,000 ብር 0.1 በመቶ 4,800 ብር ስለሆነ ቅጣቱ 153,600 ብር ነው። በአምስተኛው ግን 45 የሥራ ቀን ዘጠኝ ሳምንት፣ ማለትም 63 ቀን ነው፤ የዘገየው ሁለት ሳምንት፣ የሚቆጠረው አሥር የሥራ ቀን ብቻ። ቅጣቱ 48,000 ብር። 105,600 ብር በአንድ ቁልፍ ሄደ።

በሌላ በኩል ዋስትናው 365 የሥራ ቀን ሲሆን 73 ሳምንት ነው፤ 511 ቀን። እሱ ደግሞ ለእናንተ አደላ። በአጋጣሚ የሚመጣ ስሕተት ወገን አይመርጥም፤ አንድ ሰው ሆን ብሎ ከቀየረው ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱም ይህ ነው።

ይህን የቆጠርኩት ከሰኞ እስከ ዓርብ ብዬ፣ በዓላትን ትቼ ነው። ውላችሁ ውስጥ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው?

ግዢ ክፍል ያለችው (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:05)

ስለ እሱ ምንም አይልም። እኛ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት እንሠራለን፤ አቅራቢው ሙሉ ቀን ይሠራል።

የአዋሬው (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:20)

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ከሆነ ግማሽ ቀን ይቆጠራል፤ ግልጽ ነው።

ነገረ ፈጅ ነበርኩ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:45)

ለአንተ ግልጽ ነው፤ ሌላው ደግሞ ሙሉ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ጭራሽ አይቆጠርም ይላል። ለክፍያው 15 የሥራ ቀን ብቻም ቢሆን ትርጉሙ በአንድ መስመር ይጻፍ።

እኅቴ፣ ደስታሽን ላደፍርስ ነው፤ ይቅርታ። አዲሱ አንቀጽ የገባው ስንተኛ ላይ ነው? አንቀጾቹ ቁጥር የሚያገኙት በራሳቸው ነው ወይስ በእጅ ተጽፈው?

ግዢ ክፍል ያለችው (ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:00)

ስድስተኛ ላይ ገባ። ቁጥሮቹ በራሳቸው ይቀጥላሉ። ርክክብ ስድስት የነበረው ሰባት፣ ክፍያ ሰባት የነበረው ስምንት፣ ቅጣት ስምንት የነበረው ዘጠኝ ሆነ።

ነገረ ፈጅ ነበርኩ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:30)

በውስጥ «በአንቀጽ ይህን ያህል መሠረት» የሚሉትስ? እነዚህ ብዙ ጊዜ በእጅ የተጻፉ ናቸው፤ አንቀጹ ቦታ ሲለቅ አብረው አይሄዱም። Compare ደግሞ ስለ እነርሱ ዝም ይላል፤ ቃሉ በሁለቱም ቅጂ አንድ ነውና። ማነጻጸሪያ የተለወጠውን ነው የሚያሳይሽ፤ መለወጥ ሲገባው ያልተለወጠውን አያሳይም።

Ctrl+F ከፍተሽ «አንቀጽ» ብለሽ ፈልጊ። ለእያንዳንዱ ጥቅስ ከሦስተኛው ቅጂ ላይ ቁጥሩ የሚያመለክተውን አንቀጽ *ርዕስ* ጻፊ፤ «7 ነው» ሳይሆን «ክፍያ ነው» በይ። ከዚያ በስድስተኛው ላይ ያ ርዕስ ስንተኛ እንደሆነ እዪ። እማማ ያሉት ጮክ ብሎ ማንበብ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው፤ አንዱ ቁጥሩን ሲጠራ ሌላው አንቀጹን ገልጦ ርዕሱን ይመልስ።

ጡረተኛዋ ታይፒስት (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:10)

ነገርኳችሁ።

ግዢ ክፍል ያለችው (ረቡዕ፣ ማታ 12:40)

ከመዝገብ ቤቷ ልጅ ጋር አብረን ተቀመጥን። 23 ጥቅስ አገኘን፤ 14ቱ የተሳሳተ ቦታ ያመለክታሉ። አብዛኛው ሲነበብ ያስታውቃል፤ ለምሳሌ «በአንቀጽ 8 የተመለከተው ቅጣት» ይላል፣ ስምንት ግን አሁን ክፍያ ነው። አንዱ ግን አስፈራኝ። ስለ ውል መቋረጥ የሚለው «በአንቀጽ 7 የተመለከተው ጊዜ ካለፈ ሌላው ወገን ውሉን ማቋረጥ ይችላል» ይላል። ሰባት ክፍያ በነበረ ጊዜ እኛ ካልከፈልን ሻጩ ያቋርጣል ማለት ነበር። አሁን ሰባት ርክክብ ነው፤ ሻጩ ካላስረከበ እኛ እናቋርጣለን ሆነ። ሁለቱም ሲነበቡ ልክ ይመስላሉ! ብቻዬን ባነበው በሕይወቴ አላገኘውም ነበር።

ኮምፒውተር ጠጋኙ (ረቡዕ፣ ማታ 1:15)

ለወደፊቱ ቁጥሩን በእጅ አትጻፊው፤ References ውስጥ Cross-reference በሚለው አስገቢው። አንቀጽ ሲጨመር Ctrl+A ብለሽ F9 ስትጫኚ ሁሉም ይታደሳል። F9 ካልተጫንሽ ግን የድሮውን ቁጥር ይዞ ይቆያል፤ የተጠቀሰው አንቀጽ ከተሰረዘ ደግሞ Error! Reference source not found. የሚል ጽሑፍ በውሉ መሀል ይደነቀራል። ያንን የያዘ የተፈረመ ውል በዓይኔ አይቻለሁ።

ግዢ ክፍል ያለችው (ሐሙስ፣ ጠዋት 4:20)

የኮምፒውተር መምህራችን ሦስተኛውንና አራተኛውን በዚያ ማጣሪያ አሳለፋቸው። የቀረው ዘጠኝ ምልክት ነው። ሰባቱ አዲሱ አንቀጽና አድራሻው ናቸው። ስምንተኛው «ገዥ» የነበረው አንድ ቦታ «ገዢ» ሆኖ ነው፤ ማጣሪያው አይዘውም፣ አይጎዳም። ዘጠነኛው ግን ስለ ማራገፊያ ወጪ ከሚናገረው አንቀጽ ነው። በሦስተኛው «የማራገፊያ ወጪ በሻጭ ይከፈላል»። በአራተኛው «የማራገፊያ ወጪ ለሻጭ ይከፈላል»።

ይህን እኔ አልነካሁም። ከተጠየቁት ሦስት ማሻሻያዎችም ውስጥ የለም።

ኪራይ ያንገበገበው (ሐሙስ፣ ጠዋት 4:35)

ሌባ ነው። አትፈርሙ።

ነገረ ፈጅ ነበርኩ (ሐሙስ፣ ጠዋት 5:00)

አይቸኩሉ። ያ ጸሐፊ ሙሉውን ሰነድ በራሱ አጻጻፍ ሲያስተካክል የነበረ ሰው ነው፤ እጁ ያልደረሰበት መስመር የለም። ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል፤ ከፋይሉ ላይ ይህን ማወቅ አይቻልም። እኅቴ፣ ስድስተኛውን ስትልኪ ከሦስተኛው ጋር የተነጻጸረበትንም አያይዘሽ ላኪ፤ ደብዳቤው ላይ «በአራተኛው ቅጂ ላይ የማራገፊያ ወጪ አንቀጽ ካልተጠየቀ ለውጥ ጋር ስለተገኘ ወደ ነበረበት ተመልሷል» በዪ። «ቀየራችሁ» አትበዪ፤ «ተገኘ» ይበቃል።

አምስተኛውን ልከሽላቸዋል?

ግዢ ክፍል ያለችው (ሐሙስ፣ ጠዋት 5:10)

ሰኞ ዕለት። ስሕተቱን ሳላውቅ።

ግዢ ክፍል ያለችው (ዓርብ፣ ከቀኑ 9:30)

ፊርማው ወደ ሰኞ ተዛወረ። ደብዳቤውን እንደተባልኩት ላክሁ። ማራገፊያውን ያለ ክርክር ተቀበሉ፤ ጸሐፊው ከሌላ ውል እየገለበጠ ሲያስተካክል ነው አሉ። የአንቀጽ ቁጥሮቹንም ተቀበሉ። ርክክቡ ላይ ግን «45 የሥራ ቀን ብላችሁ የላካችሁልን እናንተ ናችሁ፤ እኛ ተቀብለን ለአምራቹ በዚያ ስሌት አዘናል» አሉን። አለቃዬ ተናድደዋል።

ነገረ ፈጅ ነበርኩ (ዓርብ፣ ከቀኑ 10:05)

በጽሑፍ ለመዋዋል ከተስማማችሁ ሳይፈረም ያለቀ ነገር የለም ብዬ እከራከር ነበር። ኢሜይሉ ላይ «ለፊርማ የተዘጋጀ» ብለሽ ከላክሽው ደግሞ የእነርሱም ክርክር ባዶ አይደለም። እዚህ ላይ የትምህርት ቤቱ ጠበቃ ደብዳቤዎቹን አይቶ ይናገር። ስለ ዋስትናው 511 ቀንስ ምን አሉ?

ግዢ ክፍል ያለችው (ዓርብ፣ ከቀኑ 10:15)

ስለ እሱ አንድም ቃል አልተነፈሱም። «አምስተኛውን ከተቀበላችሁ ሙሉውን ነው የተቀበላችሁት ወይስ አንቀጽ 7ን ብቻ?» ብዬ አሁን ጻፍኩላቸው።